ስድስት ወር በማን ቆጠራ

ጉደታ ሆራ ሻይ ሲጠጣ እንኳ አንድ እጁ ከልጓሙ አይለይም ነበር። ናዝሬት አውቶቡስ ተራ አጠገብ ጋሪ ከሚነዱት ሁሉ ፈረሱን ለሰው አደራ ሰጥቶ ዞር የማይል እሱ ብቻ ነበረ። ጸጉሩን ሊቆረጥ ሲሄድ ፈረሱን ዳማን ከጸጉር አስተካካዩ በር ላይ አስሮ፣ ፊቱን ወደ መስተዋቱ ሳይሆን ወደ በሩ አዙሮ ይቀመጣል። ጓደኞቹ ይሥቁበታል።

«ጉደታ የሞተ ቀን ዳማም አብሮ መቀበሩ ነው» ይላል ቀነኒሳ የሚባለው ጋሪ ነጂ።

«አንተ ከምትነዳው ቢቀበር ይሻለዋል» ይላል ጉደታ። እሱ ግን አይሥቅም።

የእኔ የልጓምና የኮርቻ መስፊያ ቤት ከኑሬ ሱቅ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራ ስለነበር፣ ጉደታን ለብዙ ዓመት በቅርብ አውቀዋለሁ። ሲወለድ ጀምሮ ሰው የሚጠረጥር አልነበረም። የቡልቡላ ልጅ ነው። በጉርምስናው ወደ መተሐራ ወርዶ ሸንኮራ ይቆርጥ ነበር። የቆራጮቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ደመወዛቸውን «ሜዳ ላይ ስለምታድሩ ይሰረቅባችኋል፣ እኔ ጋ ይቀመጥላችሁ» እያለ ሰበሰበ። ቆረጣው ባለቀ ማግስት ካቦው አልነበረም። ጉደታ ከመተሐራ ናዝሬት ድረስ የጭነት መኪና ላይ በልመና ተሳፍሮ መጣ። ከዚያ ወዲህ «እኔ ጋ ይቀመጥልህ» የሚል ሰው ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል።

ኑሬ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ነበረ። ጨው፣ ሳሙና፣ ገመድ፣ ላምባ ይሸጣል። መልስ ሲሰጥ አይቆጥርም፤ እጁን ከመሳቢያው ውስጥ ከትቶ ያወጣውን ይሰጣል፣ ብዙውን ጊዜም ልክ ይሆናል። ዱቤ የወሰደውን ሰው ከነመጠኑ በልቡ ይዞ ይኖራል፤ የካደውን ደግሞ ረስቶ ይኖራል። «ኑሬ፣ ተበላህ» ስለው «የበላው ይጥገብበት ጋሼ አምባዬ» ብሎ ይሥቃል።

እነዚህ ሁለት ሰዎች እንዴት ወዳጅ እንደሆኑ ለብዙ ሰው እንቆቅልሽ ነበር። ጉደታ የኑሬን ዕቃ ከባቡር ጣቢያ ያመላልስ ነበርና ከዚያ ይጀምራል። ኑሬ የጋሪውን ሒሳብ ሳይከራከር ይከፍላል። ጉደታም ይህን ወዶለት፣ ወዲያውም ጠርጥሮት ኖረ።

በስድሳ ሰባት ክረምት ነበር ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አይደለም፣ ሰባ አምስት ነው። በዚያ ክረምት ሁለቱ ወፍጮ ለመግዛት ተስማሙ። መቂ ከተማ ብዙነህ የሚባል ሰው የናፍጣ ወፍጮ ነበረው። አዲስ እስኪመጣለት ድረስ በአሮጌው እየሠራ ነው፤ «ከየካቲት በፊት አልለቅም፣ ከየካቲት በኋላም አልጠብቅም፤ የካቲት ውስጥ ገንዘቡን ይዞ ለመጣ ሰው እሰጠዋለሁ» አላቸው። ወፍጮው ሊተከል የታሰበው ቡልቡላ፣ የጉደታ ወንድም ግቢ ውስጥ ነው። የቡልቡላ ሰው በዚያን ጊዜ እህሉን በአህያ ጭኖ ብዙ መንገድ ሄዶ ነበር የሚያስፈጨው።

አንድ ነገር ግን ነበረ። በዚያ ዘመን አንድ ሰው አንድ የንግድ ፈቃድ ብቻ ነው የሚሰጠው። ኑሬ የሱቅ ፈቃድ ስላለው ወፍጮው በጉደታ ስም ብቻ ሊሆን ነው። ማለትም ገንዘቡ የሁለቱ፣ ወፍጮው በወረቀት የአንዱ። ኑሬ ይህን ሲሰማ «ይሁን» አለ፣ አለቀ። ማታ ጉደታ እኔ ዘንድ መጣ።

«ጋሼ አምባዬ፣ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ በሌላ ሰው ስም ይገዛል?»

«ያምንሃል።»

«እሱማ ያምነኛል። ለምን እንደሚያምነኝ ነው ያልገባኝ።»

ገንዘቡ እስከ የካቲት የት ይቀመጥ የሚለው ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ ሆነ። ኑሬ ሱቁ ውስጥ የብረት ሣጥን አለው፤ ጉደታ «እኔ ጋ ይቀመጥ» የሚለውን ቃል ገና ሳይሰማ ራሱን ነቀነቀ። የጉደታ ቤት ጣሪያ ያፈሳል። ስለዚህ ባንክ ተባለ። ነሐሴ ሃያ አምስት ቀን፣ ዝናብ በሚያካፋበት ረቡዕ፣ ሁለቱ ገንዘባቸውን ይዘው ገቡ፤ እኔም «ሽማግሌ ይኑር» ተብሎ አብሬ ገባሁ።

ያስተናገደችን የሺዓለም የምትባል፣ መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት ነበረች። ገንዘቡ እስከ የካቲት እንደማይፈለግ ስትሰማ፣ በጊዜ ገደብ ቢቀመጥ ከተራው የቁጠባ ደብተር የተሻለ ወለድ እንዳለው ነገረቻቸው። ለስድስት ወር ይዘጋል፤ ቀኑ ሲደርስ ዋናው ከነወለዱ ይወጣል፤ ከቀኑ በፊት ከተፈለገ ግን ዋናው ብቻ ይሰጣል፣ ወለዱ ይቀራል።

«ወለድ እኔ አልበላም፣ ሃይማኖቴ ነው» አለ ኑሬ። «የሚመጣው የጉደታ ይሁን። ወፍጮውን ከመቂ ቡልቡላ የሚያደርስ መኪና ይከራይበታል።»

ጉደታ ቀስ ብሎ ዞሮ አየው።  ያ አስተያየት እስከ ዛሬ አይኔ ላይ አለ።

ሁለቱም ፈረሙ፤ ያለ ሁለቱ ፊርማ ገንዘቡ አይወጣም። የሺዓለም የምስክር ወረቀቱን ሰጠቻቸውና «የሚወጣበት ቀን ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ በዚያ ቀን ሁለታችሁም ኑ» አለች። ከኋላችን ሰልፉ ረዥም ነበር። ስድስት ወር ስድስት ወር ነው፣ ምን ይጠየቃል? ሁለቱም እሺ አሉ። ወረቀቱ ዝናብ እንዳይነካው ወደ ኑሬ የብረት ሣጥን ገባ። ጉደታ እዚህ ላይ መቃወም ፈልጎ ነበር፤ ጣሪያው ግን የዚያን ለት ሌሊትም ሲያንጠባጥብ ነው ያደረው።

ከዚያ መስከረም ሆነ፣ ጥሩ ወራትም አለፉ። በዚያ ዘመን ሁለት ሰው ጥግ ይዞ ሲያወራ የታየ እንደሆነ ሦስተኛው ሰው ምን እንደሚያስብ አይታወቅም ነበርና ሰው ስለ ገንዘብ በመንገድ አያወራም። ጉደታና ኑሬም ስለ ባንኩ ነገር አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። እያንዳንዱ ቀኑን በልቡ ይዞ ይኖር ነበር፤ የሌላው ልብ የያዘው ቀን ከእሱ የተለየ ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

የካቲት ዐሥራ ስድስት፣ ዓርብ ጠዋት፣ ጉደታ ተራ እየጠበቀ ሳለ ቀነኒሳ ጋሪውን አጠገቡ አቆመ።

«አካም ጉደታ! ወዳጅህ ሀብታም ሆኗል።»

«የትኛው ወዳጄ?»

«ኑሬ ነዋ። ነጭ በነጭ ለብሶ ባንክ ሲገባ አየሁት። ብቻውን። አንተን ዳማን ጠብቅ ብሎ ነው የተወህ?»

ቀነኒሳ ቀልዱን ጥሎ ሄደ፤ ጉደታ ግን ያን ቀን ሰው አልጫነም። ጋሪውን ከኑሬ ሱቅ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ማዶ ካለው ዋርካ ሥር አቁሞ ተቀመጠ። እኔ ከመስፊያዬ ሆኜ አየሁት። ኑሬ ከቀትር በኋላ መጣና ሱቁን ከፈተ። ጉደታ መንገዱን ተሻግሮ ገባ።

«ደህና ዋልክ? የት ነበርክ?»

«መስጊድ። ጁምዓ አይደል እንዴ?»

«ጠዋትስ?»

ኑሬ የሳሙና ካርቶን እያነሳ ነበር። «ወዲህ ወዲያ» አለ።

ወዲህ ወዲያ። ይህችን ቃል ጉደታ ሌሊቱን ሙሉ ሲያላምጣት አድሮ ጠዋት ፊቱ አብጦ መጣ። ወደ ሱቁ ሳይሆን ወደ እኔ ነው የመጣው።

«ጋሼ አምባዬ፣ ባንክ ሄዶ ነበር። ጠየቅሁት፣ ደበቀኝ። ቀኑ ገና ነው። ነሐሴ ሃያ አምስት አስገባን፣ የካቲት ሃያ አምስት ነው ስድስት ወሩ። ገና ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ምን አስኬደው?»

«ያንተ ፊርማ ከሌለ አያወጣም።»

«ፊርማዬን አይቷል። ፊርማዬ ምን ትመስላለች? ሰው ሁሉ ሊሥላት የሚችል ነገር ናት።»

እውነቱን ነው፤ ጉደታ ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነበርና ፊርማው «ጉ» ሆና ጅራት የተቀጠለላት ናት። አብሬው ወደ ሱቁ ገባሁ። ጉደታ ሰላምታ ሳይሰጥ «ወረቀቱን አሳየኝ» አለ። ኑሬ አየው፣ እኔን አየኝ፣ ሣጥኑን ከፈተና ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ አኖረው።

ጉደታ ጣቱን እያስከተለ ቁጥሮቹን አነበበ። የገባበት ቀን በሚለው ላይ ሠላሳ አንድ፣ ስምንት፣ ሰማንያ ሦስት። የሚወጣበት ቀን በሚለው ላይ ሃያ ዘጠኝ፣ ሁለት፣ ሰማንያ አራት። ድምፁ እየቀጠነ ሄደ።

«ሠላሳ አንድ? ሠላሳ አንድ ቀን ያለው ወር የት አገር ነው? ያስገባነው ሃያ አምስት ነበር። ሁለተኛው ወር ደግሞ ጥቅምት ነው። ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ፣ ሰማንያ አራት!» ቀና አለ። «ዘንድሮ ስንት ነው ኑሬ? ሰባ ስድስት አይደለም? ገንዘባችንን ለስምንት ዓመት ነው የዘጋኸው?»

«እኔ ምን ዘጋሁ? አብረን አይደል የገባነው?»

«ወረቀቱ ማን ጋ ነበር?»

«እኔ ጋ።»

«ትናንት ባንክ ማን ነበር?»

 የኑሬ ፊት ቀስ ብሎ ሲቀላ አየሁ። «እኔ ነበርኩ» አለ።

«'ወዲህ ወዲያ' አልከኝ!»

«አሳፍሮኝ ነው። ቀኑ የደረሰ መስሎኝ ሄድኩ፣ ልጅቷ 'አልደረሰም፣ ሁለታችሁም ስትሆኑ ኑ' አለችኝ። ያላወቀ ሰው መስዬ መመለሴን ላንተ ምን ብዬ ላውራ?»

«ስድስት ወር ሳይሞላ እንዴት ደረሰ?»

«ሞልቷል እኮ!»

«አልሞላም!»

ሁለቱም እውነት የተናገሩ ይመስሉ ነበር፤ ይህ ነው ነገሩን ያባባሰው። ጉደታ በባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያን የማይመለስ ነገር ተናገረ።

«አሁን ገባኝ። ወለዱን የተውክልኝ ዋናውን ልትበላ ኖሯል። ካቦውም እንዳንተ ነበር፣ ለስላሳ።»

በሱቁ ውስጥ ላምባ ልትገዛ ጠርሙስ ይዛ የቆመች ሴት ጠርሙሷን አቅፋ ወጣች። ኑሬ ወረቀቱን አንሥቶ በአራት አጠፈውና ሰጠኝ።

«ጋሼ አምባዬ፣ እርስዎ ይያዙት። ሰኞ ባንክ እንሂድ። ቀኑ መቼም ይሁን መቼ፣ ገንዘቡ ሲወጣ የእሱን ለእሱ፣ የእኔን ለእኔ። ወፍጮውን ከፈለገ ከሌላ ሰው ጋር ይግዛ።»

ወረቀቱን እኔም ቤቴ ወስጄ ገለባበጥኩት። ጉደታ ያነበበው ልክ ነበር፤ ቁጥሮቹ እሱ እንዳለው ነበሩ። እሑድ ቀን ስለዚህ ነገር ለማንም ሳልናገር ዋልኩ፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እኔም ኑሬን እየጠረጠርኩት መሆኔን አወቅሁ።

ሰኞ የዐቢይ ጾም መግቢያ ነበር። ሦስታችን ባንክ ገባን። ሁለቱ በመንገድ ላይ አንድ ቃል አልተነጋገሩም፤ እኔ መሀል ሆኜ እሄዳለሁ። የሺዓለም ኑሬን ስታይ አወቀችው።

«አባባ፣ መጡ? ገና ነው አላልኩዎትም?»

ጉደታ ቀደመው። «እቴ፣ ይህ ሰው ዓርብ ዕለት ምን ጠየቀሽ?»

ልጅቷ ግራ ገባት። «ቀኑ ደርሷል ወይ አሉኝ። አልደረሰም አልኩ። ከደረሰ ጓደኛዬን ከሥራው አስነሥቼ ላምጣው ብዬ ነው፣ ጋሪው በከንቱ እንዳይቆም አሉ። ሄዱ።»

ይህም ጉደታን አላረካውም። ወረቀቱን ከእኔ ተቀብሎ መስታወቱ ሥር አሾለከው።

«ይህ ሰማንያ አራት ምንድን ነው?»

የሺዓለም አየችው፣ መጀመሪያ ፈገግ ልትል ነበር፣ ፊቱን ስታይ ተወችው። «በፈረንጅ ነው አባቴ። የባንኩ መዝገብ የሚሠራው በፈረንጅ ቀን ነው። ሰማንያ አራት ማለት የእነሱ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አራት፣ አሁን ያለንበት ዓመት ነው። ስምንት የተባለው ወር ኦገስት፣ ሁለት የተባለው ፌብሩዋሪ ነው።»

«ሠላሳ አንዱስ?»

«ኦገስት ሠላሳ አንድ ቀን አለው። የእኛ ነሐሴ ሃያ አምስት የእነሱ ኦገስት ሠላሳ አንድ ነበር።»

ከዚያ ጣቶቿን ዘርግታ ቆጠረችለት። የገባበት ወር አይቆጠርም፤ ከሚቀጥለው ይጀመራል። ሴፕቴምበር አንድ፣ ኦክቶበር ሁለት እያለች ስድስተኛው ጣት ላይ ፌብሩዋሪ ደረሰች። «የገባበት ቀን ቁጥር ነው የሚወጣበትም ቀን። ሠላሳ አንድ ከገባ ሠላሳ አንድ ይወጣል። ፌብሩዋሪ ግን ሠላሳ አንድ የለውም፤ ሠላሳም የለውም። እንዲህ ሲሆን የወሩ የመጨረሻ ቀን ይወሰዳል። ሌላ ጊዜ ሃያ ስምንት ይሆን ነበር፤ ዘንድሮ በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣው ቀን ስላለች ሃያ ዘጠኝ ነው።»

«ይኼ በእኛ መቼ ነው?»

ከጎኗ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አየች። «የካቲት ሃያ አንድ። ከነገ ወዲያ ረቡዕ።»

«ሃያ አምስት አይደለም?»

«እርስዎ እንዴት ቆጠሩት?»

«ነሐሴ ሃያ አምስት፣ መስከረም ሃያ አምስት፣ ጥቅምት ሃያ አምስት... የካቲት ሃያ አምስት። ስድስት።»

«ጳጉሜንስ?»

ጉደታ በጥያቄዋ ተገርሞ አያት። «ጳጉሜን ምን አላት? ደመወዝ የላት፣ የቤት ኪራይ የላት። ማን ይቆጥራታል?»

«ባንኩ ይቆጥራታል። ለእሱ ጳጉሜን የምትባል ወር የለችም፤ ስድስቱም ቀኖች ሴፕቴምበር ውስጥ ተቆጥረዋል። የእርስዎ ስድስት ወር ከባንኩ የረዘመው በዚህ ነው። ደግሞ የካቲት ሃያ አምስት እሑድ ነው፤ ቢመጡም ዝግ ነበር።»

ጉደታ ወደ ኑሬ ዞረ። ከቅዳሜ ወዲህ ፊት ለፊት ሲያየው የመጀመሪያው ነው። «አንተስ? አንተ ዐሥራ ስድስትን ከየት አመጣኸው?»

ኑሬ መልስ የሰጠው ለእኔ ነበር። «በጨረቃ ነዋ፣ ጋሼ አምባዬ። ዘካዬን የማወጣው በጨረቃ፣ ዱቤ የምቆጥረው በጨረቃ። ያስገባን ለታ ከዐረፋ በፊት ባለው ወር ነበር፤ ጨረቃዋ ጎድላ ግማሽ ሆና ነበር። ስድስተኛዋ ጨረቃ ዓርብ ለታ እንደዚያው ግማሽ ሆነች። ደረሰ ብዬ ሄድኩ።»

«የጨረቃ ወር ሃያ ዘጠኝ ቀን ወይም ሠላሳ ነው» አለች የሺዓለም፣ ለጉደታ እንዲገባው። «ስለዚህ የእሳቸው ቀድሞ ይደርሳል። የእርስዎ ይዘገያል። የባንኩ መሀል ነው።»

እኔ በዚህ ጊዜ የተነፈስኩት ትንፋሽ ለሦስት ቀን የያዝኩት ነበር። ጉደታ ግን አልተነፈሰም። እንዲህ ያለ ሰው ጥርጣሬው ሲፈርስበት ቤቱ የፈረሰበት ያህል ነው፤ የቆመበትን ያጣል። መስታወቱን በጣቱ እየቆረቆረ ቆየና «ዛሬ ማውጣት ይቻላል?» አለ።

«ይቻላል። ወለዱ ግን ይቀራል።»

«ይህ ሰው ገንዘቡን ለይቶ መሄድ ይፈልጋል። ቸኩሏል።»

ኑሬ ራሱን ነቀነቀ። «አልቸኮልኩም። ወለዱ የእኔ አይደለም፣ የእሱ ነው። ዛሬ ብፈርም የምጎዳው እሱን ነው። ረቡዕ እንመጣለን።»

ከባንኩ እንደወጣን ጉደታ ክንዴን ያዘኝ። «አየህ ጋሼ አምባዬ፣ አሁንም ይተውልኛል። ምን ፈልጎ ነው?»

«ጉደታ» አልኩት፣ «ደክሞኛል።» ትቼው ሄድኩ።

ረቡዕ ጠዋት ባንኩ ሳይከፈት ሁለቱም በር ላይ ነበሩ፤ አንዱ በአንዱ ጫፍ፣ ሌላው በሌላው። የኑሬ ፊት ላይ ምንም አይነበብም ነበር። የሺዓለም ዋናውን ከነወለዱ ቆጥራ ሰጠች። ጉደታ ወለዱን ለይቶ ኪሱ ከተተ። ዋናው ባንኮኒው ላይ ቀረ፤ ለሁለት የሚከፈለው እሱ ነው።

ማንም እጁን አልዘረጋም። ከኋላ የተሰለፈ አንድ የወንጂ ሠራተኛ «ካልፈለጋችሁት ወዲህ በሉት» አለ፤ ሰው ሳቀ።

«ወፍጮው እስከ የካቲት መጨረሻ ነው» አለ ጉደታ፣ ገንዘቡን እያየ። «ለብቻዬ አልችልም።»

«አውቃለሁ» አለ ኑሬ።

«ያልኩህን ብያለሁ።»

«ብለሃል።»

«ካቦ ብዬሃለሁ።»

«ሰምቻለሁ ጉደታ። ጆሮዬ ደህና ነው።»

ጉደታ ይቅርታ የሚባለውን ነገር ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አልወጣም። ብቻ «መቂ የሚሄደው መኪና ከሰዓት በኋላ ነው» አለ።  ኑሬ ገንዘቡን በሙሉ አነሣና፣ ለሁለት ሳይከፍል፣ እኔ እጅ ላይ አኖረው። «እንግዲያው እርስዎም ይምጡ። መሀላችን ይቀመጡ።»

ወፍጮው ተገዛ። ቡልቡላ ተተከለ። በጉደታ ስም ፈቃድ ወጣ። ጉደታ ዳማን ይዞ ወርዶ ከሳምንቱ አብዛኛውን እዚያ ይውላል፤ ወር ሲሞላ ኑሬ ከናዝሬት አውቶቡስ ተሳፍሮ ይመጣል። ቀጠሮውን ሲይዙ «በማን ወር?» ተባብለው ነው፤ በመጨረሻ በገበያ ቀን ተስማሙ፣ የገበያ ቀን ለሁሉም አንድ ነውና።

ከተወሰኑ ወራት በኋላ እኔም የሞተሩን ቀበቶ ላይለት አንድ ቀን አብሬ ወረድኩ። ጉደታ የኑሬን ድርሻ አምጥቶ ሰጠው። ያኔ ያየሁትን አልረሳውም። ኑሬ፣ መልስ ቆጥሮ የማያውቀው ኑሬ፣ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ብሮቹን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረ። ስንት ኩንታል እንደተፈጨ ጠየቀ። ናፍጣው ስንት እንደሆነ ጠየቀ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ይቆጥር ጀመር።

ጉደታ የዳማን ልጓም ይዞ ቆሞ ያየዋል።

«ጎደለ እንዴ?»

«አልጎደለም።»

«ታዲያ ለምን ትቆጥረዋለህ?»

«መቁጠር ይሻላል ብዬ ነው» አለ ኑሬ ቀና ሳይል።

ለሌላ ሰው ተራ መልስ ነበር። ጉደታ ግን እንደተመታ ሰው አይኑን ጨፈነ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያደርገው የኖረውን ነገር ሰው ሲያደርግበት ያየው ገና ያን ቀን ይመስለኛል። የሞተሩ ውሃ ማለቁን ወንድሙ ከውስጥ ሆኖ ጮኸለት። ጉደታ ዙሪያውን አየ። የሚያስርበት ግንድ እዚያው አጠገቡ ነበር፤ ሁልጊዜም የሚያስርበት ነው። አላሰረም። ወደ ኑሬ ጠጋ ብሎ ልጓሙን እጁ ላይ አኖረው።

«ያዝልኝ፣ ውሃ ላምጣ» አለና ባልዲውን አንሥቶ፣ ወደ ኋላው ሳይዞር፣ ወደ ጉድጓዱ ወረደ።

ዳማ ጭንቅላቱን ወዘወዘ። ኑሬ በቀኝ እጁ ብሩን፣ በግራው ልጓሙን እንደያዘ ቆመ። በአንድ እጅ ብር አይቆጠርም። ትንሽ ሞክሮ አቃተውና የቀረውን ሳይቆጥር ኪሱ ከተተው።